ደረሰኙ በእኛ ስም አልተቆረጠም፤ የማስተካከያ ደብዳቤ ምን መያዝ አለበት?

ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ዕቃ ገዝተው ደረሰኝ ሲቀበሉ የሚያዩት ጠቅላላ ድምሩን ነው። ድምሩ ከከፈሉት ገንዘብ ጋር ከገጠመ ወረቀቱ ታጥፎ ፋይል ውስጥ ይገባል። ስህተቱ የሚወጣው በኋላ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ የወሩን የተጨማሪ እሴት ታክስ ለማሳወቅ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ስታገላብጥ። ዕቃው ትክክል ነው፣ ዋጋው ትክክል ነው፣ ቀኑም ትክክል ነው። የገዢው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ በተለምዶ ቲን የምንለው፣ ግን የድርጅቱ አይደለም።

ያን ጊዜ ለአቅራቢው ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤው ብዙ ጊዜ ሁለት መስመር ነው፦ «ደረሰኙ ስለተሳሳተ በትክክለኛው ስም እንዲቀየርልን እንጠይቃለን።» ምላሹም ይዘገያል፣ ወይም ጭራሽ አይመጣም። ሰው ሁሉ አቅራቢውን ግዴለሽ ነው ይላል። ነገሩን ከአቅራቢው ወንበር ላይ ሆኖ ለሚያየው ግን ሁለት መስመሩ ደብዳቤ የሚጠይቀው ትንሽ ነገር አይደለም። አንድን ሽያጭ ሁለት ጊዜ እንዲመዘግብና ታክሱን ሁለት ጊዜ እንዲከፍል ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሚያሳየው ጥሩ የማስተካከያ ደብዳቤ ከሁሉ በፊት አቅራቢውን የሚጠብቅ ሰነድ መሆኑን ነው። አቅራቢው ስጋት ሳይገባው ሊሠራበት የሚችል ደብዳቤ ከደረሰው ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው።

ስህተቱ ከየት ይመጣል?

ቁጥር ተገላብጦ ሊጻፍ ይችላል። የኢትዮጵያ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አሥር አኃዝ ስለሆነ፣ በተለይ ገዢው በቃል ሲናገርና ገንዘብ ተቀባዩ ሲጽፍ ሁለት አኃዞች ቦታ መለዋወጣቸው የተለመደ ነው። ከዚህ የከፋውና ብዙ ድርጅት የሚጎዳው ስህተት ግን ሌላ ነው፦ ባለቤቱና ማኅበሩ ሲምታቱ።

በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አዲስ አበባ ውስጥ የቤትና የቢሮ ዕቃ የሚሠራ አንድ ወርክሾፕ እናስብ። ባለቤቱ ለዓመታት በግሉ፣ በራሱ ስምና በራሱ ቲን ሲነግድ ቆየ። ሥራው ሲሰፋ ከወንድሙ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቋመ። ቦታው ያው ነው፣ ሠራተኛው ያው ነው፣ ደንበኛውም ያው ነው። በሕግ ፊት ግን ማኅበሩ ራሱን የቻለ ሰው ነው፤ የራሱ ንግድ ፈቃድ፣ የራሱ ቲንና የራሱ የቫት ምዝገባ አለው። የጣውላ አቅራቢው ይህን አላወቀም። በሽያጭ ሲስተሙ ውስጥ የተመዘገበው ባለቤቱና የድሮው ቲን ነው።

ኅዳር 12 ቀን ወርክሾፑ 120 ኤምዲኤፍ ገዛ እንበል፤ አንዱ በ2,500 ብር። ዋጋው 300,000 ብር፣ 15 በመቶው ታክስ 45,000 ብር፣ ጠቅላላው 345,000 ብር ነው። ክፍያው ከማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ወጣ፤ ዕቃውም ማኅበሩ ወርክሾፕ ገባ። ደረሰኙ ግን በባለቤቱ ስምና በግል ቲኑ ተቆረጠ።

45,000 ብሩ የት ይሄዳል?

የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሠራው በመቀናነስ ነው። ድርጅቱ ሲሸጥ ከደንበኛው ታክስ ይሰበስባል፤ ሲገዛ ደግሞ ለአቅራቢው ታክስ ይከፍላል። ለመንግሥት የሚያስገባው ልዩነቱን ነው። ወርክሾፓችን በኅዳር ወር የ500,000 ብር ዕቃ ቢሸጥ 75,000 ብር ታክስ ይሰበስባል። ለጣውላው የከፈለው 45,000 ብር ሲቀነስለት 30,000 ብር ያስገባል። የጣውላው ደረሰኝ ተቀባይነት ካጣ ግን ሙሉውን 75,000 ይከፍላል። ታክሱን አንድ ጊዜ ለአቅራቢው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለግብር ጽሕፈት ቤቱ ከፈለ ማለት ነው።

ይህን ቅነሳ የሚፈቅደው ደረሰኙ ነው። ከታኅሣሥ 1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285/1994 የታክስ ደረሰኝ ምን መያዝ እንዳለበት ዘርዝሮ ነበር፦ የሻጩና የገዢው ሙሉ ስም፣ የሁለቱም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የሻጩ የቫት ምዝገባ፣ የዕቃው ወይም የአገልግሎቱ ዓይነት፣ ዋጋው፣ የታክሱ መጠን፣ ቀኑና የደረሰኙ ተከታታይ ቁጥር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1341 ቢተካም መሠረቱ አልተለወጠም፤ ታክስ የሚቀነሰው ደረሰኙ ገዢ ብሎ ለጠራው ሰው ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ዓመቱ ሲዘጋ የማኅበሩ ትርፍ ይሰላና 30 በመቶ ግብር ይከፈልበታል። የጣውላው 300,000 ብር እንደ ወጪ ካልተያዘለት ትርፉ በወረቀት ላይ በዚያው መጠን ከፍ ይላል፤ ግብሩም በ90,000 ብር ይጨምራል። ከታክሱ ጋር ሲደመር በአንድ የተሳሳተ ደረሰኝ ምክንያት 135,000 ብር አደጋ ላይ ነው።

ባለቤቶች እዚህ ላይ ሲጠየቁ «የድሮውም ቲን የኔው ነው፣ ምን ልዩነት አለው?» ይላሉ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በግል ቲኑ ላይ ሽያጭ የሌለው የ300,000 ብር ግዢ ይታያል፤ በማኅበሩ ላይ ደግሞ ግዢ የሌለው የዕቃ ሽያጭ ይታያል። ሁለቱም ጥያቄ ያስነሳሉ፤ አንዱን በሌላው ማካካስ ግን አይቻልም።

«በእስክሪብቶ እናስተካክለው»

የሒሳብ ሠራተኛዋ መጀመሪያ የምታደርገው ስልክ መደወል ነው። ከሽያጭ ክፍሉ የምትሰማው መልስም የታወቀ ነው። «ችግር የለውም እህቴ፣ ይዘሽው ነይ፣ ስሙን በእስክሪብቶ አስተካክለን ማኅተም እንመታበታለን።»

ልጁ በክፋት አይደለም ይህን የሚለው። ደንበኛውን ቶሎ ለመሸኘት ነው። ነገር ግን ደረሰኙ የወጣው ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ነው፤ ሁላችንም ካሽ ሬጅስተር የምንለው። በ1999 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት ሥራ ላይ የዋለው ይህ ማሽን እያንዳንዱን ሽያጭ በማይፋቅ ማኅደረ ትውስታ ይይዛል፤ የቀኑን ድምርም በዜድ ሪፖርት ዘግቶ ያወጣል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈ እስክሪብቶ ማሽኑ ውስጥ አይገባም። ሻጩ ጋ የቀረው ቅጂ የድሮውን ስም ይዞ ይቀመጣል፤ ገዢው ጋ ያለው ደግሞ የተሰረዘና የተደለዘ ይሆናል። ኦዲተር ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ የሚታየው ማስተካከያ አይደለም፣ የተነካካ ሰነድ ነው።

ሌላው አቋራጭ ከማሽኑ ደረሰኝ ጋር የሚያያዘውን ትልቁን ወረቀት ብቻ መቀየር ነው። ብዙ አቅራቢዎች የዕቃውን ዝርዝርና የገዢውን ስም በዚህ አታችመንት ላይ ያወጣሉ፤ ከማሽኑ የሚወጣውን ትንሹን ደረሰኝ ደግሞ ያያይዙበታል። አታችመንቱ ላይ ግን የፊስካል ደረሰኙ ካልተያያዘ ዋጋ እንደሌለው ብዙ ጊዜ ታትሞበታል። ስለዚህ አታችመንቱ አዲሱን ቲን፣ ትንሹ ደረሰኝ ደግሞ የድሮውን ቲን ይዘው ከተያያዙ ስህተቱ ይበልጥ ጎልቶ ይወጣል እንጂ አይጠፋም።

አቅራቢው የሚፈራው

ማሽኑ አንዴ ያወጣውን ደረሰኝ መልሶ አይውጥም። ያለው መንገድ አንድ ነው። አቅራቢው ለመጀመሪያው ሽያጭ ተመላሽ ደረሰኝ ያወጣል፤ ሽያጩ በማሽኑ ላይ በዚያው መጠን ይቀነሳል። ከዚያ ያንኑ ዕቃ በትክክለኛው ስምና ቲን አዲስ ደረሰኝ ይቆርጥለታል።

አሁን ራሳችንን በአቅራቢው የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ እናስቀምጥ። ተመላሽ ሳይሠራ አዲስ ደረሰኝ ቢቆርጥ ማሽኑ ሁለት ሽያጭ ይዟል፤ 690,000 ብር። ታክሱም 90,000 ብር ይሆንበታል፤ የሰበሰበው ግን 45,000 ነው። ተመላሹን ቢሠራ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ተመላሽ ማለት ዕቃው ተመለሰ፣ ገንዘቡም ተመለሰ ማለት ነው። እዚህ ግን ዕቃው አልተመለሰም፣ ገንዘቡም አልተመለሰም። የ345,000 ብር ተመላሽ በማሽኑ ላይ ቁጭ ብሎ ኦዲተር «ይህ ምንድን ነው?» ቢለው የሚያሳየው ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ ሽያጭ ለመደበቅ የሚፈልግ ነጋዴም በዚሁ በተመላሽ በኩል ሊሞክር ይችላልና።

ሦስተኛው ስጋት ከሁሉ የባሰ ነው። የመጀመሪያው ደረሰኝ በገዢው እጅ ከቀረ ለአንድ ሽያጭ ሁለት ሕጋዊ የሚመስሉ ደረሰኞች በገበያ ላይ አሉ ማለት ነው። በአንዱ ማኅበሩ፣ በሌላው ባለቤቱ በግሉ ታክስ ቢያስቀንሱ አቅራቢው የሐሰት ደረሰኝ ተባባሪ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል።

ሦስቱም ስጋቶች መልስ የሚያገኙት በደብዳቤው ነው።

ደብዳቤው

ከላይ በተከተልነው ምሳሌ ደብዳቤው ይህን ይመስላል። በድርጅቱ አርማ ባለው ወረቀት ይጻፋል፤ የወጪ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ይኖረዋል።

> ቁጥር፦ ……
> ቀን፦ ኅዳር 18 ቀን …… ዓ.ም.
>
> ለ፦ …… (የአቅራቢው ሙሉ ሕጋዊ ስም)
> ለሒሳብ ክፍል
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፦ የገዢ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የተሳሳተበት ደረሰኝ በተመላሽ ተዘግቶ በትክክለኛው እንዲተካልን ስለመጠየቅ
>
> ማኅበራችን ኅዳር 12 ቀን ከድርጅታችሁ 120 ኤምዲኤፍ በብር 300,000፣ ታክስ ብር 45,000፣ በጠቅላላው በብር 345,000 መግዛቱ ይታወቃል። ለዚህ ሽያጭ የማሽን መለያ ቁጥሩ ……፣ የፊስካል ደረሰኝ ቁጥሩ …… የሆነ ደረሰኝና የአታችመንት ቁጥር …… ተሰጥቶናል።
>
> ሆኖም በደረሰኙ ላይ ገዢ ሆኖ የተጻፈው የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ የግል ስምና የግል የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። ትክክለኛው ገዢ ማኅበራችን በመሆኑ መጻፍ ያለበት እንደሚከተለው ነው፦
>
> በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ስም፦ ……
> መሆን ያለበት ስም፦ …… ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር
> በደረሰኙ ላይ የተጻፈው መለያ ቁጥር፦ ……
> መሆን ያለበት መለያ ቁጥር፦ ……
>
> የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ ዋጋና የታክስ መጠን ትክክል ስለሆኑ ለውጥ አይደረግባቸውም። ዕቃው በእጃችን ይገኛል፤ አልተመለሰም። ከማኅበሩ የባንክ ሒሳብ የተፈጸመው ክፍያ ለአዲሱ ደረሰኝ ክፍያ ሆኖ እንዲያዝ እንስማማለን፤ በተመላሹ ምክንያት የምንጠይቀው ገንዘብ የለም።
>
> የተሳሳተውን ደረሰኝ ዋናውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሰናል። በዚህ ደረሰኝ ማኅበሩም ሆነ ሥራ አስኪያጁ በግላቸው ታክስ ያላስቀነሱ መሆኑን እናረጋግጣለን።
>
> ስለሆነም ደረሰኙ በተመላሽ ተዘግቶ በትክክለኛው ስምና መለያ ቁጥር አዲስ ደረሰኝ እንዲቆረጥልን፣ የተመላሹ ቅጂም እንዲሰጠን፣ እንዲሁም በመዝገባችሁ ያለው የደንበኛ መረጃ እንዲታረም በትሕትና እንጠይቃለን።
>
> ከሰላምታ ጋር
> (ስም፣ ኃላፊነት፣ ፊርማ፣ ማኅተም)
>
> አባሪ፦ ዋናው ደረሰኝና አታችመንት፤ የማኅበሩ የግብር ከፋይ መለያና የቫት ምዝገባ የምስክር ወረቀቶች ቅጂ፤ የንግድ ፈቃድ ቅጂ፤ የባንክ ክፍያ ማስረጃ፤ የዕቃ ማስረከቢያ ሰነድ ቅጂ

እያንዳንዱ አንቀጽ ለምን ገባ?

የመጀመሪያው አንቀጽ ደረሰኙን ከሌሎች ይለያል። አቅራቢው በቀን ብዙ ደረሰኝ የሚቆርጥ ከሆነ «ባለፈው ሳምንት የቆረጣችሁልን» ማለት አይጠቅመውም። ከአንድ በላይ ማሽን ሊኖረውም ስለሚችል የደረሰኝ ቁጥር ብቻውን በቂ አይደለም፤ ያው ቁጥር በሌላውም ማሽን ላይ ይገኛል። የማሽን መለያ ቁጥሩ፣ በደረሰኙ ላይ ኤም አር ሲ ተብሎ የሚወጣው፣ እና የፊስካል ደረሰኝ ቁጥሩ፣ ኤፍ ኤስ ተብሎ የሚወጣው፣ አንድ ላይ ሲጻፉ ግን ሌላ ደረሰኝ ጋር አይምታታም።

ሁለተኛው ስህተቱንና ትክክሉን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ትክክሉን ብቻ የሚጽፍ ደብዳቤ አንባቢውን ፍለጋ ያስገባዋል። ስሙ የሚጻፈውም በምዝገባው ላይ እንዳለው፣ ፊደሉ ሳይጎድል ነው። የንግድ ስሙ ከሕጋዊ ስሙ የተለየ ከሆነ ሕጋዊው ይቀድማል። ቲኑን ደግሞ ከቃል ሳይሆን ከምስክር ወረቀቱ እያዩ መገልበጥ ይገባል፤ ስህተት ለማረም በተጻፈ ደብዳቤ ላይ ሌላ ስህተት የሚገባው እዚህ ነው።

ሦስተኛው ያልተለወጠውን ይናገራል። በኦዲተር ፊት አቅራቢውን የሚያድነው አንቀጽ ይህ ነው። ዕቃው አልተመለሰም፣ ገንዘብ አልወጣም፣ ክፍያው ለአዲሱ ደረሰኝ ተያዘ። በማሽኑ ላይ ያለው የ345,000 ብር ተመላሽ ማብራሪያው እዚህ ተጽፏል። ይህ አንቀጽ በሌለበት ተመላሹ ገንዘቡ ከካዝና የወጣ አስመስሎ ይቀመጣል።

አራተኛው ዋናውን ደረሰኝ ይመልሳል። ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ዋናው ከተመላሹ ጋር ተያይዞ አቅራቢው ፋይል ውስጥ ሲቀመጥ ሁለት ደረሰኝ በገበያ ላይ የመኖሩ ስጋት ያከትማል። ገዢው ለራሱ ቅጂ ማስቀረት አለበት፤ ደብዳቤውንም በሁለት ቅጂ አትሞ አንዱ ላይ የተቀባዩን ስም፣ ቀንና ፊርማ ማስፈረም ይገባል። ዋናውን ያለ ምንም ማስረጃ አስረክቦ መምጣት ከስህተቱ የባሰ ነው፤ አቅራቢው ቢዘገይ እጃችሁ ላይ የተሳሳተውም ደረሰኝ አይኖርም።

አባሪዎቹም ለወጉ ብቻ አይደሉም። ደረሰኝን ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ማዞር፣ ካልተጠነቀቁ፣ ያልገዛን ሰው ገዢ ማድረግ ነው። ማኅበሩ መግዛቱን የሚያሳዩት የባንክ ክፍያውና የዕቃ ማስረከቢያው ናቸው። ሁለቱም በማኅበሩ ስም ከሆኑ ጥያቄው እርማት ነው። ሁለቱም በባለቤቱ ስም ከሆኑ ግን ደረሰኙ እውነቱን ነው የተናገረው፤ ደብዳቤም አይቀይረውም።

ጊዜው

የቫት ማሳወቂያ በየወሩ ነው። የኅዳር ግብይት የሚታወቀው ታኅሣሥ ሳያልቅ ነው። በምሳሌያችን ደብዳቤው ኅዳር 18 ቀን ስለሄደ አቅራቢው በዚያው ወር ተመላሹንም አዲሱንም ቢያወጣ ሁሉም በአንድ ወር ሒሳብ ውስጥ ይዘጋል። ለአቅራቢውም የቀለለው ይህ ነው፤ ያሳወቀው ነገር ስለሌለ የሚያስተካክለውም ነገር የለም።

ስህተቱ የታየው ታኅሣሥ ውስጥ ከሆነ ተመላሹና አዲሱ ደረሰኝ የታኅሣሥን ቀን ይይዛሉ። ለአቅራቢው በአንድ ወር ውስጥ አንዱ ሲቀነስ ሌላው ስለሚደመር ልዩነቱ ዜሮ ነው። ገዢው ግን የኅዳርን ማሳወቂያ ያለዚያ ደረሰኝ ማቅረብ አለበት፤ 45,000 ብሩን የሚያስቀንሰው አዲሱ ደረሰኝ በተቆረጠበት ወር ነው። ለአንድ ወር ያህል ተጨማሪ ገንዘብ ማስገባቱ ይከብዳል። ቢሆንም በማይቆም ደረሰኝ አስቀንሶ በኋላ ከነቅጣቱ ከመክፈል ይሻላል።

አቅራቢውን «በኅዳር 12 ቀን ቁረጥልን» ብሎ መለመን ግን አያስፈልግም። ማሽኑ ቀኑን ራሱ ነው የሚያወጣው፤ ወደኋላ የተመለሰ ቀን የያዘ በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ ከማሽኑ መዝገብ ጋር ይጋጫል። አዲሱ ደረሰኝ የሚወጣበት ቀን ከዕቃው ርክክብ ቀን መለየቱን የሚያብራራው ደብዳቤው ነውና የቀኑ ልዩነት ሊያስደነግጥ አይገባም።

ገዢው ሲከፍል ከአቅራቢው ላይ ቅድመ ግብር፣ ዊዝሆልዲንግ የምንለውን፣ ቀንሶ ከሆነ አንድ ነገር መርሳት የለበትም። የተሰጠው የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ የድሮውን ደረሰኝ ቁጥር የሚጠቅስ ከሆነ ከአዲሱ ጋር አይገጥምም። በአዲሱ ደረሰኝ ላይ ደግሞ ሌላ መቀነስ አቅራቢውን ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። የቁጥሩን መለወጥ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ደብዳቤው ላይ መጨመር ይበቃል፤ ቅጂውም ከዊዝሆልዲንግ ደረሰኙ ጋር ይያያዛል።

ደብዳቤ የማያስተካክለው

ስህተት ሁሉ ይህን ያህል መንገድ አይጠይቅም። ማሽኖቹ ስሙን በላቲን ፊደል ሲያወጡ አንድ ፊደል ሊጎድል ወይም ረጅሙ ስም ሊቆረጥ ይችላል። ቲኑ ትክክል ከሆነና ስሙ ማንን እንደሚያመለክት ግልጽ ከሆነ ብዙ የሒሳብ ሠራተኞች ደረሰኙን እንዳለ ይይዙታል። ቲኑ ሲሳሳት ግን አንድ አኃዝም ቢሆን መታለፍ የለበትም፤ በማሳወቂያው ላይ ግዢዎች ከሽያጮች ጋር የሚመሳከሩት በቁጥር ነው።

ደብዳቤ የማያድናቸውም አሉ። ማኅበሩ ሳይመዘገብ በፊት ባለቤቱ የገዛው ዕቃ በባለቤቱ ስም መቆረጡ ትክክል ነው፤ በኋላ ማኅበሩ ስለተቋቋመ ደረሰኙ ስህተት አይሆንም። ማኅበሩ ቲን እያለው ለቫት ያልተመዘገበበት ጊዜ ግዢም እንዲሁ ነው፤ ስሙ ቢስተካከል ወጪነቱን ለማሳየት ይጠቅማል፤ ታክሱን ማስቀነስ መቻሉ ግን በደብዳቤው አይወሰንም። ስለዚህ ደብዳቤውን ከመጻፍ በፊት ሦስት ቀኖችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል፦ ግዢው የተፈጸመበት ቀን፣ ማኅበሩ የተመዘገበበት ቀንና የቫት ምዝገባው የሚጸናበት ቀን። የግዢው ቀን ከሁለቱ በኋላ ካልሆነ 45,000 ብሩን መጠየቅ መቻሉ አስቀድሞ መጣራት አለበት።

ፋይሉ ሲዘጋ

አዲሱ ደረሰኝ ሲመጣ የሚነበበው እንደ መጀመሪያው በድምሩ አይደለም። ቲኑን አሥሩንም አኃዝ ከምስክር ወረቀቱ ጋር ማመሳከር፣ በትንሹ የፊስካል ደረሰኝና በአታችመንቱ ላይ አንድ መሆኑን ማየት፣ ዕቃና ዋጋው ከመጀመሪያው ጋር መግጠሙን ማረጋገጥ ይገባል። ከዚያ አምስት ወረቀቶች አንድ ላይ ይያያዛሉ፦ አዲሱ ደረሰኝ፣ የተመላሹ ቅጂ፣ የድሮው ደረሰኝ ቅጂ፣ የተፈረመበት ደብዳቤና የባንክ ክፍያው። ተመላሹን ያላየ ገዢ ሥራው ተጠናቀቀ ማለት አይችልም፤ አቅራቢው የመጀመሪያውን ሽያጭ ሳይዘጋ ሁለተኛ ቆርጦለት ሊሆን ይችላልና።

የግብር ኦዲት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዓመታት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ስልክ ያነሳው የሽያጭ ሠራተኛ ሥራ ለቅቆ ይሆናል፤ ደብዳቤውን የጻፈችውም እንዲሁ። በገዢው ቢሮ አንድ ኦዲተር፣ በአቅራቢው ቢሮ ሌላ ኦዲተር በየፊናቸው ያንኑ የኅዳር 12 ሽያጭ ሲያነሱ ሁለቱም ፋይል ውስጥ ያንኑ ደብዳቤ፣ ያንኑ ተመላሽና ያንኑ አዲስ ደረሰኝ ካገኙ የሚጠይቁት ነገር አይኖርም። ለዚህ ነው ደብዳቤው በቃል የተነገረውን ሁሉ በጽሑፍ መያዝ ያለበት።

ባለቤቱም አንድ ሥራ ይቀረዋል። ማኅበሩ ከተቋቋመበት ቀን ጀምሮ ዕቃ ለሚገዛላቸው አቅራቢዎች ሁሉ አዲሱን ስምና ቲን የያዘ አጭር ደብዳቤ ከምስክር ወረቀቶቹ ቅጂ ጋር መላክ፣ ዕቃ ለማምጣት የሚሄደውን ልጅ ደግሞ የታተመ የቲን ወረቀት ይዞ እንዲሄድና ከመስኮቱ ሳይነሳ ደረሰኙን ከወረቀቱ ጋር እንዲያመሳክር ማድረግ። ገንዘብ ተቀባዩ «በማን ስም ይቆረጥ?» ሲል ልጁ የአለቃውን ስም ከመናገር ይልቅ ወረቀቱን ያቀብለው።